ለስንት ተካፍሎ? የቪዲዮ ማስታወቂያ ቁጥሮች እንዴት ይነበባሉ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ፌስቡክ በማስታወቂያ ደንበኞቹ ፊት አንገት የሚያስደፋ ነገር ገጠመው። ሰዎች ቪዲዮዎችን በአማካይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዩ የሚያሳየው ቁጥር ለሁለት ዓመት ያህል ተጋንኖ ሲቀርብ መቆየቱን ኩባንያው አመነ። ዎል ስትሪት ጆርናል ወሬውን ሲያወጣ ግነቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ እንደሚደርስ ተጻፈ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዴቪድ ፊሸርም በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁ።

የሚገርመው ስህተቱ የመጣበት መንገድ ነው። ሰርጎ ገብ አልነበረም፤ የሐሰት ተመልካችም አልተፈበረከም። ሰዎች ቪዲዮ ሲያዩ ያሳለፏቸው ሰከንዶች በትክክል ተደምረው ነበር። የተበላሸው ማካፈሉ ላይ ነው። ድምሩ መካፈል ከነበረበት ባነሰ ቁጥር ተካፈለ፤ ውጤቱም አበጠ።

ይህ ታሪክ ከፌስቡክ አልፎ ለሁሉም የቪዲዮ ማስታወቂያ ይሠራል። ማስታወቂያ ያስነገረ ነጋዴ በወሩ መጨረሻ በሚደርሰው ሪፖርት ላይ ሦስት ቁጥሮችን አያጣም። አንዱ የእይታ ምጣኔ ነው፤ ማስታወቂያው ከቀረበላቸው ሰዎች ስንቱ እንዳዩት በመቶኛ ይነግራል። ሁለተኛው አማካይ የእይታ ጊዜ ሲሆን ሰዎች በአማካይ ስንት ሰከንድ እንደቆዩ ያሳያል። ሦስተኛው ለአንድ ሙሉ እይታ የወጣው ገንዘብ ነው፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ያየ አንድ ሰው ለማግኘት ስንት እንደተከፈለ ይገልጻል። ሦስቱም የተገኙት በማካፈል ነው። ብዙ ሰው ውጤቱን አይቶ ይደሰታል ወይም ይከፋል፤ ምን ለምን እንደተካፈለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

“ታየ” የሚባለው መቼ ነው?

ማካፈሉ ውስጥ ከመግባታችን በፊት የሚቆጠረውን ነገር እንለየው። አንድ ማስታወቂያ በአንድ ሰው ስክሪን ላይ ሲቀርብ ኢምፕሬሽን ተቆጠረ ይባላል። ይህ መቅረቡን እንጂ መታየቱን አያመለክትም። ከዚያ ቀጥሎ “እይታ”፣ በተለምዶ “ቪው” የሚባለው ይመጣል። ችግሩ ቪው የሚባለው ነገር በየኩባንያው የተለያየ መሆኑ ነው።

ዩቲዩብ ተመልካች ሊዘልለው የሚችለውን ማስታወቂያ የጀመረው በ2010 መጨረሻ ነው። አምስት ሰከንድ ካለፈ በኋላ ሰውየው “ስኪፕ” የሚለውን ነክቶ ወደሚፈልገው ፕሮግራም መሄድ ይችላል። በዚህ ዓይነቱ ማስታወቂያ እይታ የሚቆጠረው ሰውየው 30 ሰከንድ ሲያይ ነው። ቪዲዮው ከ30 ሰከንድ ካጠረ ደግሞ እስከ መጨረሻው ማየት አለበት። ከዚያ በፊት ማስታወቂያውን ከነካም ይቆጠራል። አስተዋዋቂው በእይታ ልክ ለመክፈል ከተዋዋለ፣ በስድስተኛው ሰከንድ ላይ ለዘለለው ሰው ምንም አይከፍልም።

ፌስቡክ ላይ ግን ቪዲዮው ማንም ሳይነካው በራሱ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ድምፅ ሳይኖረው። እዚያ ለረጅም ጊዜ እይታ ሲባል የኖረው ሦስት ሰከንድ ነው። ኩባንያው በ2018 “ትሩፕሌይ” የሚባል ሌላ መለኪያ ጨምሯል። ይህኛው ቪዲዮው 15 ሰከንድ ሲታይ፣ አጭር ከሆነም እስከ መጨረሻው ሲታይ ይቆጥራል።

እንግዲህ አንዲት ሴት አንድን ማስታወቂያ አራት ሰከንድ አይታ ተወችው እንበል። በፌስቡክ የሦስት ሰከንድ ቆጠራ አይታዋለች። በትሩፕሌይ ቆጠራ አላየችውም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አምስቱ ሰከንድ ስላልሞላ ገና የመዝለል ዕድልም አላገኘችም ነበር። ሰው አንድ፣ ድርጊት አንድ፣ ቆጠራው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ስለዚህ በአንዱ መድረክ “መቶ ሺህ ቪው”፣ በሌላው “ሃያ ሺህ ቪው” የሚል ሪፖርት ይዞ የመጀመሪያው አምስት እጥፍ በለጠ ማለት ኪሎን ከሜትር ጋር እንደማወዳደር ነው።

አንድ ማስታወቂያ በሦስቱ መለኪያዎች

አሁን ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የምንጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ የ60 ሰከንድ ቪዲዮ አሠርቶ፣ ሊዘለል በሚችለው የዩቲዩብ ማስታወቂያ በ10,000 ብር አስነገረ። ማስታወቂያው 50,000 ጊዜ ቀረበ። ከእነዚህ ውስጥ 40,000ዎቹ ዘለሉት። 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆዩት 10,000 ናቸው። ከነዚህም እስከ ስልሳኛው ሰከንድ የደረሱት 4,000 ብቻ ናቸው።

የእይታ ምጣኔው 10,000 ለ50,000 ተካፍሎ 20 በመቶ ይሆናል። ለአንድ እይታ የተከፈለው ደግሞ 10,000 ብር ለ10,000 እይታ ሲካፈል አንድ ብር ነው። ለአንድ ሙሉ እይታ ሲሆን ያው 10,000 ብር ለ4,000 ይካፈልና 2 ብር ከ50 ይመጣል። እዚህ ላይ በዩቲዩብ አቆጣጠር “እይታ” እና “ሙሉ እይታ” ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ቪዲዮው ከ30 ሰከንድ በረዘመ ቁጥር ልዩነታቸው ይሰፋል።

አማካይ የእይታ ጊዜውን ለማግኘት ሰከንዶቹን እንደምር። የዘለሉት 40,000 ሰዎች በአማካይ ሰባት ሰከንድ ቆይተዋል እንበል፤ 280,000 ሰከንድ ይሆናል። መሃል ላይ ያቋረጡት 6,000 ሰዎች በአማካይ 42 ሰከንድ ቆይተው 252,000 ሰከንድ አስመዝግበዋል። የጨረሱት 4,000 ደግሞ 240,000 ሰከንድ ይዘዋል። ድምሩ 772,000 ሰከንድ ነው። ማስታወቂያው ለቀረበበት 50,000 ጊዜ ሲካፈል 15 ሰከንድ ተኩል ያህል ይመጣል።

አሁን ነጋዴው ወይም ማስታወቂያውን የሚያስነግርለት ባለሙያ ቪዲዮውን ወደ 30 ሰከንድ ቆረጠው እንበል። የተመልካቹ ጠባይ ቅንጣት አልተለወጠም፤ የሚዘልለው ይዘልላል፣ የሚቆየው ይቆያል። ይሁንና በመጀመሪያው ቪዲዮ 30ኛው ሰከንድ ላይ ደርሰው የነበሩት 10,000 ሰዎች አሁን ሁሉም “የጨረሱ” ሆኑ። ለአንድ ሙሉ እይታ የወጣው ገንዘብም ከ2 ብር ከ50 ወደ 1 ብር ወረደ። በሪፖርቱ ላይ ትልቅ መሻሻል ሆኖ ይነበባል። የተቀየረው ግን የሰዉ ፍላጎት ሳይሆን የመጨረሻው መስመር የተሰመረበት ቦታ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ ማስታወቂያዎችን በሙሉ እይታ ዋጋ ማወዳደር የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አካፋዩ ሲጠፋ

ወደ ፌስቡክ ስህተት እንመለስ። አማካይ የእይታ ጊዜ ማለት ሰዎች ያዩት ጠቅላላ ጊዜ ቪዲዮው ለተከፈተላቸው ሰዎች በሙሉ ሲካፈል ነው። ፌስቡክ ራሱ ባመነው መሠረት ግን ድምሩ ሲካፈል የቆየው ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ለቆዩት ብቻ ነው። በአንድና በሁለት ሰከንድ ጥለው የሄዱት ከአካፋዩ ወጡ። አስተማሪ የወደቁትን ተማሪዎች ከቁጥር አውጥቶ፣ ውጤታቸውን ግን ከድምሩ ሳይቀንስ፣ የክፍሉን አማካይ ቢያወጣ የሚመጣው ዓይነት ቁጥር ነው።

የግነቱን መጠን በስሌት እንየው። አንድ ቪዲዮ ለ1,000 ሰዎች ተከፈተ። 400ዎቹ በአንድ ሰከንድ አለፉት። የቀሩት 600 በአማካይ 10 ሰከንድ ቆዩ። ጠቅላላው ጊዜ 6,400 ሰከንድ ነው። ትክክለኛው አማካይ 6,400 ለ1,000 ሲካፈል 6.4 ሰከንድ ነው። በተሳሳተው ስሌት ግን 6,400 ለ600 ይካፈልና 10.7 ይሆናል። ግነቱ 67 በመቶ ያህል ነው፤ ጋዜጣው ከጠቀሰው ከ60 እስከ 80 በመቶ መሃል ላይ ይወድቃል። እንዲያውም ውጤቱ የቆዩት 600 ሰዎች ካላቸው እውነተኛ አማካይ፣ ከ10 ሰከንድም ይበልጣል። የማንንም ጠባይ የማይገልጽ ቁጥር ነው።

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለተኛ ቪዲዮ እንውሰድ። አጀማመሩ ደካማ በመሆኑ ከ1,000 ሰዎች 700ዎቹ በአንድ ሰከንድ ጥለውት ሄዱ። የቀሩት 300 በአማካይ 12 ሰከንድ ቆዩ። ድምሩ 4,300 ሰከንድ፣ ትክክለኛው አማካይ 4.3 ሰከንድ ነው። ከመጀመሪያው ቪዲዮ በግልጽ ያንሳል። በተሳሳተው ስሌት ግን 4,300 ለ300 ሲካፈል 14.3 ሰከንድ ይሰጣል፤ ከመጀመሪያው 10.7 ይበልጣል። ደካማው ማስታወቂያ አሸናፊ ሆነ።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የግነቱን መጠን የሚወስነው ስንት ሰው ከአካፋዩ እንደወጣ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሸሸው ቪዲዮ ብዙ አካፋይ ያጣል፤ ብዙ አካፋይ ያጣ ደግሞ ብዙ ያብጣል። ስህተቱ ለሁሉም እኩል 70 በመቶ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ማወዳደር ይቻል ነበር፤ ሁሉም አብሮ ከፍ ይላልና። እዚህ ግን ቁጥሩ መጥፎውን ማስታወቂያ እየመረጠ ያሞካሽ ነበር። በዚያ ሪፖርት ተመርቶ የትኛውን ቪዲዮ ልቀጥልበት ብሎ የወሰነ ሰው የተሻለውን ጥሎ የባሰውን ሊይዝ ይችላል።

ጉዳዩ በይቅርታ ብቻ አላበቃም። በዚያው በ2016 አነስተኛ አስተዋዋቂዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። በ2018 ባሻሻሉት ክስ ግነቱ ከ150 እስከ 900 በመቶ እንደሚደርስ፣ ኩባንያውም ስህተቱን ካመነበት ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ተከራከሩ። 900 በመቶ ግነት በስሌታችን ሲተረጎም ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ጥለው ሄደዋል፣ አካፋዩ ላይ የቀረው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ፌስቡክ ክሱን መሠረተ ቢስ ብሎ አስተባበለ፤ ስህተቱም በሚያስከፍለው ሂሳብ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ገለጸ። ከሳሾቹ በበኩላቸው ያበጠው ቁጥር ከሌላ ጊዜ ይልቅ ብዙ ማስታወቂያ እንዲገዙ አድርጎናል አሉ። በ2019 ኩባንያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ በዕርቅ ተዘጋ።

እንዲህ ያለውን ስህተት ተራ ሰው ሊይዘው ይችላል ወይ? አንዳንዴ ይቻላል። የቤት ዕቃ ነጋዴውን 772,000 ሰከንድ ለ10,000 እይታ ብቻ ብናካፍለው አማካዩ 77 ሰከንድ ይሆናል። ማስታወቂያው ግን 60 ሰከንድ ነው! ከራሱ ርዝመት በላይ የታየ ማስታወቂያ ካጋጠመ፣ ወይ ሰዎች ደጋግመው አይተውታል ወይ አካፋዩ ተሳስቷል። አስተማማኙ መንገድ ግን ራስ መደመርና ራስ ማካፈል ነው። ሪፖርቱ ላይ ጠቅላላ የእይታ ጊዜውንና የቀረበበትን ብዛት ፈልጎ በስልክ ካልኩሌተር ማካፈል ነው። የተገኘው ውጤት ሪፖርቱ “አማካይ” ብሎ ከጻፈው ጋር ካልገጠመ፣ አካፋዩ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ማስታወቂያውን ያስነገረው ባለሙያ መመለስ አለበት።

በግድ የተጨረሰ እይታ

እስካሁን ያየነው ሊዘለል የሚችለውን ነው። ዩቲዩብ ከ2016 ጀምሮ “በምፐር” የሚባል ስድስት ሰከንድ የማይሞላ ወይም ስድስት ሰከንድ የሚሆን፣ ሊዘለል የማይችል ማስታወቂያ ያቀርባል። ክፍያው በእይታ ሳይሆን በቀረበበት ሺህ ጊዜ ልክ ነው።

ነጋዴያችን 10,000 ብሩን በዚህ አውሎት፣ ማስታወቂያው እንደ በፊቱ 50,000 ጊዜ ቀረበ እንበል። መዝለል ስለማይቻል 47,500 ጊዜ እስከ መጨረሻው ታየ። የቀሩት ስልካቸውን ዘግተው ወይም ገጹን ለቀው የወጡ ናቸው። የመጨረስ ምጣኔው 95 በመቶ ነው። ለአንድ ሙሉ እይታ የወጣው ገንዘብ 21 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። በስልሳ ሰከንዱ ማስታወቂያ የመጨረስ ምጣኔው 8 በመቶ፣ ዋጋው ደግሞ 2 ብር ከ50 ነበር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ከፈረድን በምፐሩ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል።

ሰከንዶቹን ግን እንደምር። 47,500 ሰዎች ስድስት ስድስት ሰከንድ፣ የቀሩት 2,500 ሁለት ሁለት ሰከንድ ቆይተው ድምሩ 290,000 ሰከንድ፣ ማለትም 80 ሰዓት ያህል ይሆናል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ በተመሳሳይ ገንዘብ ያስገኘው 772,000 ሰከንድ፣ ወደ 214 ሰዓት ነበር። በዚያ ላይ 10,000ዎቹ መዝለል እየቻሉ በፈቃዳቸው የቆዩ ናቸው። የበምፐሩ 95 በመቶ የሚነግረን ስለ ሰዉ ፍላጎት ሳይሆን ስለ ቁልፉ አለመኖር ነው።

ይህ ማለት በምፐር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የሱቁን ስምና ሰፈር በሰው ጆሮ ለማስገባት ስድስት ሰከንድ ሊበቃ ይችላል። ሶፋው እንዴት እንደሚዘረጋ ለማሳየት ግን አይበቃም። የመጨረስ ምጣኔ መልእክቱ መጨረሻው ላይ መድረሱን እንጂ መጨረሻው የት እንደነበር አይነግርም። መዝለል የሚቻለውንና የማይቻለውን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ “ይኼኛው ርካሽ ነው” የሚል ሪፖርት ካጋጠመ መቀበል አይገባም።

መዝለል በሚቻልበት ማስታወቂያ ውስጥ ከመጨረስ ምጣኔው ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ሰዎች የት ላይ እንደወጡ ነው። የማስታወቂያ ሥርዓቶች ቪዲዮው ሲጀመር፣ ሩብ ላይ ሲደርስ፣ ግማሽ ላይ፣ ሦስት አራተኛ ላይና ሲያልቅ ምልክት ይመዘግባሉ። ሪፖርቱ ላይ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ ተብለው የሚታዩት እነዚህ ናቸው። ከመነሻው እስከ ሩቡ ድረስ ብዙ ሰው ከጠፋ ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው፤ ወይም ማስታወቂያው ለማይመለከተው ሰው ቀርቧል። ከግማሽ በኋላ በድንገት ከወደቀ መሃል ላይ የሚያሰለች ነገር አለ። የሱቁ አድራሻና ስልክ የመጨረሻዎቹ አምስት ሰከንዶች ላይ ከሆኑ ደግሞ፣ በምሳሌያችን ከ50,000 ውስጥ ያዩት 4,000 ብቻ ናቸው። አድራሻውን ወደ ፊት ማምጣት ምንም ሳያስወጣ የሚያየውን ሰው ብዛት ይጨምራል።

ርካሽ የሆነው የት ነው?

የአማርኛ ማስታወቂያ አንድ የራሱ የሆነ ጉዳይ አለው። ቋንቋው የሚሰማው አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ነው። የማስታወቂያው ዋጋ ግን በየአገሩ ይለያያል። ዋጋውን የሚወስነው በዚያ አገር ያሉ አስተዋዋቂዎች የሚያደርጉት ጨረታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ ድራማ የምታይ ሴት ፊት ለመቅረብ የመድን ድርጅቶች፣ የመኪና አምራቾችና የባንኮች ማስታወቂያ ሁሉ ይጫረታል። ስለዚህ በተለምዶ አንድ ሙሉ እይታ እዚያ ከኢትዮጵያ ይወደዳል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጥ ድርጅት ማስታወቂያውን ለሁለቱም አገር ለቀቀ እንበል። አንድ ሙሉ እይታ አሜሪካ 5 ሳንቲም፣ ኢትዮጵያ 1 ሳንቲም ነው፤ የዶላር ሳንቲም። በመጀመሪያው ወር ከ100 ዶላሩ 80ው አሜሪካ፣ 20ው ኢትዮጵያ ላይ ዋለ። ከአሜሪካ 1,600፣ ከኢትዮጵያ 2,000፣ በጠቅላላው 3,600 ሙሉ እይታ ተገኘ። አማካይ ዋጋው 2.8 ሳንቲም ነው። ለርካሽ እይታ እንዲሠራ የታዘዘው ሥርዓት በሁለተኛው ወር ገንዘቡን ወደ ርካሹ አዞረው፤ 20 ዶላር አሜሪካ፣ 80 ዶላር ኢትዮጵያ። አሁን ከአሜሪካ 400፣ ከኢትዮጵያ 8,000፣ በድምሩ 8,400 እይታ ሆነ። አማካይ ዋጋው ወደ 1.2 ሳንቲም ወረደ። ሪፖርቱ “ወጪው ከግማሽ በላይ ቀነሰ” ይላል። ትኬት ሊገዙ የሚችሉት ተመልካቾች ግን ከ1,600 ወደ 400 ወርደዋል። በየትኛውም አገር ምንም ነገር አልረከሰም፤ የተለወጠው ድብልቁ ነው። መድኃኒቱ ሪፖርቱን በአገር ከፋፍሎ ማየት ብቻ ነው።

ቁጥሩ የማያየው

በመጨረሻ፣ ስሌቱ ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚለካው ቪዲዮው መጫወቱን እንጂ ዓይን ማረፉን አይደለም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ ቡና ሊቀዳ ሲሄድ ማስታወቂያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ሙሉ እይታም ይቆጠራል። የአሜሪካው የመገናኛ ብዙኃን መለኪያዎች መርማሪ ምክር ቤት በ2014 ባወጣው መስፈርት አንድ የቪዲዮ ማስታወቂያ “ሊታይ የሚችል ነበር” የሚባለው ቢያንስ ግማሹ ስክሪን ላይ ለተከታታይ ሁለት ሰከንድ ሲቆይ ነው። መስፈርቱ ራሱ የሚለው ሊታይ ይችል ነበር እንጂ ታየ አይደለም። ድምፅ የሌለው መሆኑም አብሮ መታሰብ አለበት። ፌስቡክ ላይ ድምፁ ተዘግቶ በሚጀምር ቪዲዮ ውስጥ ዋጋውን በንግግር ብቻ የሚናገር ማስታወቂያ፣ እስከ መጨረሻው ቢታይም ዋጋው ላይሰማ ይችላል። በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ከማስነገርዎ በፊት ለሚያስነግርልዎ ሰው ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ። እይታ ብለው የቆጠሩት ከስንት ሰከንድ ጀምሮ ነው? አማካዩ የተካፈለው ለቀረበላቸው ሁሉ ነው ወይስ ለቆዩት ብቻ? ሙሉ እይታዎቹ መዝለል ከሚቻልበት ነው ከማይቻልበት፣ ከየትስ አገር ናቸው? መልሱን በጽሑፍ ያግኙ፤ ጠቅላላ ሰከንዱንና የቀረበበትን ብዛትም አብሮ ይስጥዎት። እነዚህን መስጠት ያልቻለ ሰው ያሳየዎትን መቶኛ ተመርኩዘው ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።